ሥራውን እርስዎ ባይቀበሉትም ጓደኛዎን ለሪክሩተሯ እንዴት ይጠቁማሉ?

ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወልልዎታል። ደዋይዋ የአንድ ቅጥር ኤጀንሲ ሪክሩተር ነች። ዱከም ላለ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊ እየፈለገች ነው፤ የሥራ ልምድዎን ሊንክድኢን ላይ አይታ ነው የደወለችው። እርስዎ የሚኖሩት የካ አባዶ ነው፤ በየቀኑ ዱከም ደርሶ መመለስ አይሆንልዎትም። ገና እየተነጋገራችሁ ግን አንዲት የቀድሞ ባልደረባዎ ትዝ ትልዎታለች። ቤቷ ቃሊቲ ነው፣ የፋብሪካ ሒሳብ ለዓመታት ሠርታለች፣ ባለፈው ወር ሥራ ለመቀየር እንደምታስብ ነግራዎታለች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ «እኔ አልችልም፣ ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፣ ስልኳን ልስጥሽ» ይልና ቁጥሩን እዚያው ይነግራል። በቅን ልብ የተደረገ ነው፤ ጥቆማው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባልደረባዎ ቢሮዋ ውስጥ፣ አለቃዋ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ከማታውቀው ቁጥር ይደወልላታል። ስለ ፋብሪካው የሰማችው ነገር የለም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሁን አልችልም» ብላ ትዘጋለች። ሪክሩተሯም «ፍላጎት የላትም» ብላ ትመዘግባታለች። ስልክ ቁጥር የሰው የግል መረጃ መሆኑም አይዘንጋ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ለማስተናገድ ከሚያስፈልጉት መሠረቶች አንዱ አድርጎ ፈቃዱን ይቆጥራል። ስለዚህ አጠቃላይ አሠራሩ በቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው፤ መጀመሪያ እምቢታዎን ይጨርሱ፣ ቀጥሎ ጓደኛዎን ይጠይቁ፣ ስም የሚሰጡት በመጨረሻ ነው።

1. እምቢታው የማያሻማ ይሁን፤ ስልኩን ሳይዘጉ መረጃውን ይያዙ

«እስቲ አስቤበት እነግርሻለሁ» የሚለው መልስ ለእኛ ጨዋነት ነው፣ ለሪክሩተር ግን «ምናልባት» ማለት ነው። ስምዎን በዝርዝሯ ላይ ታቆየዋለች፣ በሦስተኛው ቀን ትደውላለች፣ የጠቆሙትን ሰውም ሁለተኛ አድርጋ ታየዋለች። ሰው ለመጠቆም ካሰቡ መጀመሪያ ራስዎን ከወንበሩ ያንሱ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ከቤቴ ርቀት የተነሳ ይህ ቦታ ለእኔ አይሆንም፣ ስለዚህ ከዝርዝራችሁ አውጡኝ። ግን ለቦታው ልትሆን የምትችል ሰው አውቃለሁ። ስሟን ከመስጠቴ በፊት እሷን ልጠይቃት፤ ነገ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መልስ እሰጣችኋለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል። ሪክሩተሯ ስሙን አሁኑኑ እንዲሰጧት ከመወትወት ትቆጠባለች፤ እርስዎም ቀነ ገደብ አስቀምጠዋል። ከአንድ ቀን በላይ አይውሰዱ። አስቸኳይ ቅጥር ከሆነ ለአሠሪው የሚቀርቡት ሰዎች ዝርዝር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ከዚያ ለጓደኛዎ የሚያደርሱትን መረጃ ይጠይቁ። አሠሪው ማን ነው? ስሙን መግለጽ ካልተፈቀደላት የሥራ ዘርፉንና ቦታውን ትንገርዎት። ኃላፊው ሪፖርት የሚያደርገው ለማን ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ ወይስ ለባለቤቱ? ቦታው አዲስ ነው ወይስ ሰው ለቆ ነው? ከለቀቀ ለምን? ሰርቪስ አለ? ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት ነው፣ ግሮስ ነው ወይስ ኔት? ይህን የመጨረሻውን ደግመው ያረጋግጡ። ከግሮሱ ላይ የሥራ ግብር ይቆረጣል፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶም ይቀነሳል። ግሮሱን እንደ ኔት አድርገው ለጓደኛዎ ከነገሯት ኢንተርቪው አልፋ ኦፈር ላይ ስትደርስ ትደነግጣለች፤ ያኔ ስሙ የሚነሳው የእርስዎ ነው።

የደወለችው ሴት እውነተኛ ሪክሩተር መሆኗንም በዚሁ ስልክ ይለዩ። የኤጀንሲውን ሙሉ ስምና አድራሻ ይጠይቁ፤ የሥራ መግለጫውን ከኤጀንሲው ኢሜይል እንድትልክልዎ ያድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ብሎ ነው። «የማስመዝገቢያ»፣ «የፎርም» ወይም «የፈተና» ተብሎ ከተቀጣሪ ገንዘብ የሚጠየቅበት ከሆነ ወሬው እዚያው ይቁም፤ የጓደኛዎ ስም እዚያ መድረስ የለበትም።

2. ከመደወልዎ በፊት ሁለት ነገር ራስዎን ይጠይቁ

አንደኛው፣ እርስዎ የሚያውቁት ሰውየዋን ነው ወይስ ሥራዋን? ሁለቱ ይለያያሉ። ቡና አብራችሁ የምትጠጡ፣ ሠርግና ለቅሶ የምትደራረሱ ወዳጅ በጣም ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ሒሳብ ስትዘጋ ግን አይተዋት አያውቁም ይሆናል። ሥራዋን የሚያውቁ ከሆነ አንድ የተጨበጠ ነገር ማስታወስ ይችላሉ። ለምሳሌ፦ «የሰኔ 30 የስቶክ ቆጠራን ሁለት ዓመት ተከታትላ መርታለች፤ የመጋዘኑ ካርድና የፒችትሪው ቁጥር ያልገጠመበትን ቦታ እየተከታተለች አገኘችው።» እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ካላለዎት መጠቆም አይከለከሉም፤ ግን «በወዳጅነት አውቃታለሁ፣ አብረን አልሠራንም» ብለው ለሪክሩተሯ በግልጽ ይንገሯት። ሪክሩተር ይህን ስትሰማ ሰውየዋን አትጥልም፤ ራሷ ታጣራለች።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። እርስዎ ሥራውን ያልፈለጉት ለምንድን ነው? ምክንያቱ የራስዎ ከሆነ፣ ማለትም ርቀቱ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ አሁን የጀመሩት ፕሮጀክት ከሆነ፣ ለሌላ ሰው ችግር ላይሆን ይችላል። ምክንያቱ የሥራው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ደመወዝ ይዘገያል ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ በዚያ ወንበር በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ተቀያይሮ ከሆነ፣ ባለቤቱ ያለ ደረሰኝ ወጪ እንዲመዘገብ ያስገድዳል ከተባለ፣ ይህን ለጓደኛዎ ቀድመው መንገር አለብዎት። ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ የፋይናንስ ኃላፊ ደግሞ ሰነድ ላይ የሚፈርም ሰው ነው። ለእሷ ለመንገር የሚከብድዎት ምክንያት ካለ አይጠቁሟት። የሰሙትንና የሚያውቁትን ግን ይለዩላት፤ «ሰምቻለሁ፣ አላረጋገጥኩም» ማለት በቂ ነው፣ እሷ ኢንተርቪው ላይ ጠይቃ ታጣራለች።

3. ጓደኛዎን ያናግሯት፤ ይሉኝታ እንዳይዛት አድርገው

በሥራ ሰዓት አይደውሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከቢሮ ስትወጣ ይድረሷት። መልእክት ከሆነም «ስትወጪ ደውዪልኝ፣ ለደግ ነው» ብቻ ይበቃል፤ ዝርዝሩን የቢሮ ኮምፒውተሯ ላይ በተከፈተ ቴሌግራም አይላኩ።

እዚህ ትልቁ አደጋ ይሉኝታ ነው። ጓደኛዎ «ለእኔ ብለሽ ደክመሽ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብላ የማትፈልገውን ሥራ እሺ ትላለች። ከዚያ ኢንተርቪው አትሄድም፣ ወይም ኦፈሩን ይዛ ትጠፋለች። ሪክሩተሯ የሚቀርላት ግምት ደግሞ «የጠቆመችኝ ሰው አታስተማምንም» የሚል ነው። ስለዚህ የመውጫውን በር መጀመሪያ ይክፈቱላት፦

«ስሚ፣ አንድ ሥራ ደውለውልኝ ነበር፤ ለእኔ ስለራቀኝ እምቢ ብያለሁ። አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስምሽን አልሰጠሁም፤ አልፈልግም ካልሽ ስምሽን እንኳ አይሰሙም፣ እኔም አይከፋኝም። ልንገርሽ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው የተውኩት» የሚለውን ቃል እውነት ቢሆንም አይናገሩት፤ እዳ ይሆንባታል። «እነሱ ይቀጥሩሻል» ወይም «ጨርሼልሻለሁ» የሚለውም እንዲሁ፤ የሚቀጥረው አሠሪው ነው፣ እርስዎ ያደረጉት ስም ማድረስ ብቻ ነው።

የያዙትን መረጃ ሁሉ ከነገሯት በኋላ፣ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ጭምር፣ እነዚህን ይጠይቋት፦

– ለዚህ ድርጅት በራስሽ ወይም በሌላ ኤጀንሲ በኩል ሲቪ ልከሽ ታውቂያለሽ?
– የትኛውን ስልክ ልስጥ? በስንት ሰዓት ይደውሉልሽ?
– አሁን የምትሠሪበትን ቦታ ስም ልንገራቸው ወይስ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?
– ብትቀጠሪ መቼ መጀመር ትችያለሽ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ኤጀንሲው የሚከፈለው ከአሠሪው ነው፤ የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ ያቀረበው ሰው ሲቀጠር ነው። የአንድ ሰው ሲቪ በሁለት በኩል ከደረሰ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» የሚል ክርክር ይነሳል፤ አሠሪው ክርክሩን ለማስወገድ ሲል ሰውየዋን ጭራሽ ሊተዋት ይችላል። ከዚህ በፊት ልካ ከሆነ ለሪክሩተሯ በግልጽ መንገር ይሻላል።

የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ለማስላት ይህን ይያዙ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ኦፈሩ ጥቅምት 5 ቢፈረምና ደብዳቤዋን በዚያው ቀን ብታስገባ፣ ማስጠንቀቂያው የሚያልቀው ኅዳር 5 አካባቢ ነው። የገንዘብ ሥራ ላይ ያለ ሰው ርክክብና ክሊራንስ ስላለበት በጥቂት ቀናት ሊገፋ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ከሚዘጋበት ከሰኔ 30 በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ሒሳብ ዘግታ ሳትጨርስ መውጣት ለስሟም ጥሩ አይደለም። «ነገ ትጀምራለች» ብለው አይንገሯቸው።

ከተስማማች የተስማማችበትን በአጭር መልእክት እንድትጽፍልዎ ያድርጉ፤ «ስሜንና ይህን ቁጥር ስጪ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ይደውሉ» ትበልዎት። ነገ «እኔ መቼ አልኩ» የሚል ነገር አይነሳም።

ጓደኛዎ አሁንም ከእርስዎ ጋር በአንድ ድርጅት የምትሠራ ከሆነ ሁለት ነገር ይጨምሩ። የሥራ ውልዎን ያንብቡ፤ አንዳንድ ውል ባልደረባን ወደ ሌላ ድርጅት መውሰድን የሚከለክል አንቀጽ አለው። የቅርብ አለቃዋ እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ይህን ጥቆማ ይተዉት፤ ክፍሉን ራስዎ እያፈረሱ መሆንዎ ቢታወቅ የሚጎዳው የሁለታችሁም እንጀራ ነው። ከፈለገች ሥራው በይፋ ሲወጣ ራሷ ታመልክት።

4. ለሪክሩተሯ የሚላከው መልእክት

በቀጠሮው ቀን፣ ከ6 ሰዓት በፊት፣ በጽሑፍ ይላኩ። በስልክ ብቻ የተነገረ ስም ወረቀት ጫፍ ላይ ተጽፎ ይጠፋል። መልእክቱ በስልክ ስክሪን ሳይሽከረከር የሚነበብ ይሁን፤ ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል።

«ሰላም፣ ትናንት ዱከም ስላለው የፋይናንስ ኃላፊ ቦታ ተነጋግረን ነበር። እኔ እንደነገርኳችሁ አልቀጥልም። የምጠቁማት (ሙሉ ስም) ትባላለች። ከ2012 እስከ 2015 በአንድ ክፍል አብረን ሠርተናል፤ እሷ የምርት ኮስት ሒሳብና ዓመታዊ የስቶክ ቆጠራ ትመራ ነበር። የምትኖረው ቃሊቲ ስለሆነ ቦታው ይቀርባታል። ባንክና ብድር ላይ ስትሠራ አላየኋትም፣ እሱን እሷን ጠይቋት። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳለች፦ (ቁጥር)። እባካችሁ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደውሉላት፣ አሁን ላለችበት መሥሪያ ቤት ግን እንዳትደውሉ። ሲቪዋን ራሷ ትልካለች።»

እያንዳንዱ መስመር የገባው በምክንያት ነው። ዓመተ ምህረቱና ክፍሉ እርስዎ የምር አብረዋት መሥራትዎን ያሳያሉ። አንድ የተጨበጠ ሥራ መጥቀስ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» ከሚሉት ቃላት የበለጠ ይናገራል፤ እነዚያን ቃላት ሪክሩተር በየቀኑ ስለምታነባቸው ዓይኗ ይዘላቸዋል። ያላዩትን ነገር «አላየሁም» ማለትዎ ደግሞ አየሁ ያሉት እንዲታመን ያደርጋል። አሁን ላለችበት መሥሪያ ቤት አትደውሉ የሚለውን ግን በምንም ምክንያት አይርሱት፤ ገና ኦፈር ሳይመጣ አለቃዋ ጆሮ ቢደርስ ባለችበት ቦታ ያላት ኑሮ ይከፋል።

የማይጻፍም አለ። አሁን የምታገኘውን ደመወዝ አይናገሩ፤ ቢጠይቁዎትም «እሱን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ» ይበሉ፤ እርስዎ የተናገሩት ቁጥር የድርድሯ ጣሪያ ይሆንባታል። ዕድሜዋን፣ ማግባት አለማግባቷን፣ ልጅ መኖር አለመኖሩን አይጨምሩ። አንዳንድ ጊዜ «የየት አገር ልጅ ናት?» ወይም «ሃይማኖቷ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ እርስዎም «እኔ የማውቀው ሥራዋን ነው» ብለው ይለፉት።

ሲቪዋን ለምን ራሷ ትላክ? እርስዎ ጋ ያለው ምናልባት የዛሬ ሁለት ዓመት «እይልኝ» ብላ የላከችው ነው፤ የድሮ ስልክ፣ የድሮ የሥራ መደብ ይዟል። ራሷ ስትልክ ግን የሥራ መግለጫውን አንብባ የፋብሪካ ልምዷን ወደ ላይ ታወጣዋለች። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት መግለጫውን ማስተላለፍና ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ስሟ ተጽፎበት እንድትልክ መንገር ነው።

ሁለት ሰው ትዝ ካለዎት ሁለቱንም መጠቆም ይቻላል፤ ሌላ ሰው እንደጠቆሙ ግን ለሁለቱም ይንገሯቸው። ከሁለት በላይ ከሆነ ጥቆማው ዝርዝር ብቻ ይሆንና ክብደቱን ያጣል።

5. ከዚያ በኋላ ዝም ማለትና መናገር ያለብዎት ጊዜ

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነገሩ የሁለቱ ነው። በየቀኑ «ደወሉልሽ?» ማለት ጓደኛዎን ያስጨንቃታል። አምስት የሥራ ቀን አልፎ ማንም ካልደወለላት ለሪክሩተሯ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ፤ «ቦታው ተዘግቷል ወይስ አሁንም እየታየ ነው?» ብለው። መልስ ከሌለ ለጓደኛዎ «አልመለሱም» ይበሏትና ያቁሙ።

በመሃል ሪክሩተሯ ደውላ እንደ ምስክር ልትጠይቅዎ ትችላለች። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። «ደካማ ጎኗ ምንድን ነው?» ሲባል «ምንም የላትም» ማለት እስካሁን ያሉትን ሁሉ ያጠራጥራል። እውነተኛ፣ ከሥራው ጋር የሚያያዝና ሊሻሻል የሚችል አንድ ነገር ይንገሯት፤ ለምሳሌ «ሥራ ለሌላ ማከፋፈል ይከብዳት ነበር፣ ሁሉን ራሷ ትጨርስ ነበር»። እንዲህ እንደሚሉ ጓደኛዎ አስቀድማ ብታውቅ መልካም ነው፤ ኢንተርቪው ላይ ያው ጥያቄ ሲመጣ አትደናገርም።

ለጠቆመ ሰው ክፍያ የሚሰጡ ኤጀንሲዎችም አሉ። እንዲህ ከተባሉ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ነው የሚሰጠው፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። ክፍያ እንዳለ ለጓደኛዎ ከመጀመሪያው ይንገሯት። በኋላ ከሌላ ሰው ከሰማችው «ሸጠችኝ» የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ አስቀድማ ከእርስዎ ስትሰማ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቡና ትጋብዢኛለሽ» ብላ ታልፈዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሲመጣ ግን ሰው ግራ የሚጋባበት እሱ ነው። ጓደኛዎ ኢንተርቪው ካደረገች በኋላ ሪክሩተሯ እንደገና ትደውልልዎትና «ደመወዙን ጨምረዋል፣ ሰርቪስም እስከ ሲኤምሲ ድረስ ይመጣል፤ አሁንስ?» ትልዎታለች። እዚያው ላይ እሺም እምቢም አይበሉ። «እስከ ነገ ጠዋት መልስ እሰጣለሁ» ብለው ይዝጉና በዚያው ማታ ለጓደኛዎ ይደውሉ። ሥራውን የማይፈልጉት ከሆነ አዲሱን ደመወዝና የሰርቪሱን ነገር ይንገሯት፤ ለድርድሯ ይጠቅማታል። ምንጩ እርስዎ እንደሆኑ እንዳትጠቅስ ግን አደራ ይበሏት። የምር የሚፈልጉት ከሆነ ደግሞ ከሪክሩተሯ በፊት ከእርስዎ አፍ ትስማ፦ «ደውለውልኛል፣ ሁኔታው ተቀይሯል፣ ልወዳደር አስቤያለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሯት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ እሷ ምስክርነት መስጠት አይችሉም፤ ለሪክሩተሯም «እኔም ስለምወዳደር ስለ እሷ ሌላ ሰው ጠይቁ» ብለው ይጻፉላት፣ ጓደኛዎም በእርስዎ ቦታ የምትጠራውን ሌላ የቀድሞ ባልደረባ ስም ታዘጋጅ።